ፓነል ከመጨመርዎ በፊት ገመዱን ይለኩ

ጥያቄ፦ «ሰላም ባለሙያዎች። ሀዋሳ ቱላ በኩል ትንሽ ሱቅ አለኝ። ባለ 150 ዋት ሁለት ፓነል በፓራለል፣ ባለ 30 አምፒር ፒደብሊውኤም ቻርጅ ኮንትሮለር እና ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት ጄል ባትሪ ነው ያለኝ። ፓነሎቹ መኖሪያ ቤቱ ጣሪያ ላይ ናቸው። ገመዱ በዕቃ ቤቱ በኩል አልፎ ሱቅ ውስጥ ያለው ኮንትሮለር ጋ እስኪደርስ 18 ሜትር ይሆናል። ባትሪው ዕቃ ቤት ነው፣ ከኮንትሮለሩ በ4 ሜትር ገመድ። ሁሉም ባለ 2.5 ነው። ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ኮንትሮለሩ 14.2 ቮልት እና 13 አምፒር ያሳያል፤ ባትሪው ላይ በቴስተር ስለካ ግን 13.4 ነው። ማታ 3 ሰዓት ሳይሞላ መብራቱ ይጠፋል። የገጠመልኝ ልጅ ሦስተኛ ፓነል ጨምር ይለኛል። ልጨምር ወይስ ገመድ ልቀይር? ከቀየርኩስ ስንት ውፍረት?»

ምላሽ፦

ሦስተኛውን ፓነል ለጊዜው ይተዉት። ኮንትሮለሩ ላይ 14.2 አይተው ባትሪው ላይ ደግሞ 13.4 መለካትዎ ትልቅ ነገር ነው፤ አብዛኛው ሰው ስክሪኑን ብቻ አይቶ ነው ወደ ገበያ የሚሄደው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው 0.8 ቮልት በዚያች በ4 ሜትር ገመድ ውስጥ ወደ ሙቀት ተለውጦ እየጠፋ ነው። ከፓነሉ በሚመጣው ረጅሙ ገመድ ላይ የሚጠፋው ደግሞ ከዚህም ይበልጣል፤ እሱን ግን ጣሪያ ላይ ወጥተው ካልለኩ አያዩትም።

የገጠመልዎት ልጅ ባለ 2.5 የመረጠው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። የቤት ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ባለ 2.5 ገመድ ለሶኬት እንደሚበቃና 16 አምፒር ያለ ችግር እንደሚሸከም ያውቃል፤ ይህም እውነት ነው። ገመዱ አይቃጠልም። ነገር ግን ገመድ የሚመረጠው በሁለት መለኪያ ነው፤ አንደኛው ሳይግል የሚሸከመው አምፒር ሲሆን ሁለተኛው በመንገድ ላይ የሚያስቀረው ቮልት ነው። በ220 ቮልት መስመር ላይ ለአጭር ርቀት የመጀመሪያው ይበቃል። በ12 ቮልት ላይ ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ውፍረቱን የሚወስነው ሁለተኛው ነው። የሚጠፋው ቮልት የሚወሰነው በአምፒሩ፣ በርዝመቱና በውፍረቱ ብቻ ስለሆነ ያው ገመድ በያው አምፒር ከ220 ላይም ከ12 ላይም እኩል ነው የሚቀንሰው። 4 ቮልት ከ220 ላይ ቢጎድል ማንም አያስተውለውም። ከ18 ቮልት ላይ 4 ከጎደለ ግን ከአምስት እጁ አንዱ ሄደ ማለት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ በስልክዎ ካልኩሌተር ይሠሩታል፦

የሚጠፋው ቮልት = 2 × ርዝመት በሜትር × አምፒር × 0.02 ÷ የገመዱ ውፍረት

በ2 የሚባዛው ኤሌክትሪኩ በፖዘቲቩ ሄዶ በኔጋቲቩ ስለሚመለስ ነው። መንገዱ ደርሶ መልስ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ረስቶ ግማሹን ብቻ ያሰላል። 0.02 የመዳብ ቁጥር ነው። ንጹሕ መዳብ በ20 ዲግሪ 0.0175 ገደማ ነው፤ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታውና መገጣጠሚያዎቹ የየራሳቸውን ሲጨምሩበት በ0.02 ማስላት ወደ እውነቱ ይቀርባል። ውፍረት ስል ገበያ ላይ ባለ 2.5፣ ባለ 4፣ ባለ 6፣ ባለ 10፣ ባለ 16 የሚባለውን ማለቴ ነው፤ በካሬ ሚሊሜትር የሚለካ የመዳቡ ስፋት እንጂ ከነፕላስቲኩ ዳር እስከ ዳር ያለው አይደለም።

የእርስዎን የባትሪ መስመር እንሞክረው። 2 × 4 × 13 × 0.02 ÷ 2.5 ሲሰላ 0.83 ቮልት ይመጣል። እርስዎ በቴስተር ያገኙት 0.8 ነው። ስሌቱና ልኬቱ ስለተገናኙ ገመዱ እውነተኛ መዳብ መሆኑንና መገጣጠሚያዎቹም ብዙ እንዳልተበላሹ ከወዲሁ መገመት እንችላለን። ችግሩ ገመዱ መቅጠኑ ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ ማተኮር የምፈልገው በዚህ አጭር መስመር ላይ ነው፤ ሰው የሚንቀው እሱን ነውና። ኮንትሮለሩ ባትሪውን አያየውም። የሚያየው የራሱ ባትሪ ተርሚናል ላይ ያለውን ቮልት ብቻ ነው። ባለ ጄል ባትሪ ላይ ሲስተካከል «14.2 ስደርስ ባትሪው መሙላት ጀምሯል፣ አምፒሩን ላብርድ» ብሎ ነው የሚሠራው። እርስዎ ጋ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ 14.2 ደረሰ፤ ባትሪው ግን ገና 13.4 ላይ ነው። 13.4 ላይ ያለ ባትሪ የቀረበለትን አምፒር ሁሉ ይቀበል ነበር። ኮንትሮለሩ ግን ፀሐይ ገና ወደ አናት እየወጣች ባለችበት ሰዓት ማፈን ይጀምራል።

አምፒሩ እየቀነሰ ሲሄድ በገመዱ ላይ የሚጠፋውም አብሮ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቢጠበቅ ባትሪው በመጨረሻ 14.2 መድረሱ አይቀርም ሊባል ይችላል። በወረቀት ላይ ልክ ነው። ችግሩ ቀኑ አይጠብቅም። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ኮንትሮለሮች 14.2ን የሚይዙት ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ለ2 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ 13.8 ወርደው ማቆየት ይጀምራሉ። የሰዓቱ ቆጠራ የጀመረው ኮንትሮለሩ 14.2 ሲያይ እንጂ ባትሪው ሲደርስ አይደለም። የሊድ ባትሪ የመጨረሻዋ 20 ከመቶ ደግሞ ቀስ ብላ ነው የምትሞላው፤ ሰዓታት ትፈልጋለች። ያቺ ክፍል በየቀኑ ሳትሞላ ከቀረች ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጠጥራል፤ ከወራት በኋላ 200 የተባለው ባትሪ 200 መያዙን ያቆማል።

የማታው ነገርም ከፊሉ ከዚሁ ገመድ ነው። መብራቱና ቴሌቪዥኑ ከኮንትሮለሩ የሎድ ተርሚናል ላይ ከሆኑ ማታ ኤሌክትሪኩ በዚያው በ4 ሜትር ገመድ ወደ ኮንትሮለሩ ይመለሳል። ሱቁ 8 አምፒር ይጠቀማል ብንል 0.5 ቮልት ያህል በመንገድ ይጠፋል። ኮንትሮለሩ በ11.1 ቮልት የሚቆርጥ ከሆነ ባትሪው 11.6 ላይ እያለ ይቆርጣል። ይህን ማወቅ ከፈለጉ መብራቱ እንደጠፋ ስክሪኑን ወዲያው ይመልከቱ፤ ቮልቱ በአንድ ጊዜ በግማሽ ቮልት ያህል ዘሎ ከወጣ ያ ዝላይ የገመዱ ነው፤ ከዚያ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ቀስ እያለ የሚጨምረው የባትሪው የራሱ ማገገም ነው። ቀድሞ መቁረጡ ግን ባትሪውን አይጎዳም፣ እንዲያውም ይጠብቀዋል። ዋናው ምክንያት ቀን ላይ አለመሙላቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መፍትሔ የሚመስል ነገር እንዳይመክሩዎት እፈራለሁ። አንዳንድ ገጣሚ «ቅንብሩን ወደ 15 ከፍ አድርገው፣ ባትሪው ጋ 14.2 ይደርሳል» ይላል። አምፒሩ ብዙ ሲሆን ልክ ይመስላል። ባትሪው ሲሞላና አምፒሩ ወደ 2 እና 3 ሲወርድ ግን በገመዱ ላይ የሚጠፋ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ 15ቱ እንዳለ ባትሪው ላይ ያርፋል። ጄል ባትሪ በዚህ ቮልት ጋዝ ያወጣል፣ የወጣውን ደግሞ ውኃ ጨምረው አይመልሱለትም፤ ሆዱ ያብጥና ያበቃለታል። የገመድን ጥፋት በቅንብር ማካካስ አይቻልም። ከባትሪው ራሱ ቮልቱን የሚያነብ የተለየ ቀጭን የመለኪያ ገመድ ያላቸው ኮንትሮለሮች አሉ፤ እነሱ ይህን ችግር በትክክል ይፈቱታል፤ እንደ እርስዎ ባለው ትንሽ ፒደብሊውኤም ላይ ግን ብዙ ጊዜ የለም።

አሁን ወደ ረጅሙ መስመር። እያንዳንዱ ፓነል በ18 ቮልት 8.3 አምፒር ይሰጣል፤ በፓራለል ሲሆኑ 18 ቮልት 16.6 አምፒር ነው። በ18 ሜትር ባለ 2.5 ላይ ይህ ሁሉ ቢመጣ 2 × 18 × 16.6 × 0.02 ÷ 2.5፣ ማለትም 4.8 ቮልት ይጠፋል። ግን 16.6 አምፒሩ አይመጣም፤ ምክንያቱን ልንገርዎ።

ፓነሉ ጀርባ ላይ የተጻፈው 18 ቮልት ፓነሉ 25 ዲግሪ ላይ እያለ የተለካ ነው። ሀዋሳ ላይ ነፋስ በሌለበት እኩለ ቀን ቆርቆሮ ላይ ተጠግቶ የተገጠመ ፓነል 60 ዲግሪ ቢደርስ አይግረምዎ። በእያንዳንዱ ዲግሪ ከ100 እጅ 0.4 ያህል ቮልት ይቀንሳል፤ በ35 ዲግሪ ልዩነት 18ቱ ወደ 15.5 ይወርዳል። ፒደብሊውኤም ኮንትሮለር ፓነሉን ከባትሪው ጋር በቀጥታ ነው የሚያገናኘው፤ ስለዚህ ፓነሉ ኮንትሮለሩ ላይ ያለውን 14.2 እና በገመዱ ላይ የሚጠፋውን ደምሮ ማውጣት አለበት። ከ15.5 ላይ 14.2 ሲቀነስ ለገመዱ የተረፈው 1.3 ቮልት ብቻ ነው። ገመዱ ደግሞ ከ3 በላይ ይጠይቃል። ፓነሉ ከሚመቸው ቮልት በላይ ሲገፋ አምፒሩን ይቀንሳል፤ የእርስዎ ስክሪን 16 ማሳየት ሲገባው 13 ላይ የቆመው በዚህ ነው። ጣሪያ ላይ ወጥተው የፓነሎቹ መገጣጠሚያ ጋ ቢለኩ 18 ቮልት አካባቢ ያገኛሉ፤ ታች ግን የሚደርሰው 14.5 ገደማ ነው።

ሦስተኛው ፓነል ምን እንደሚያደርግ ከዚህ ይታያል። ተጨማሪው 8 አምፒር በዚያው ባለ 2.5 ገመድ ለማለፍ ሲሞክር የሚጠፋው ቮልት ይጨምራል፣ ሦስቱም ፓነሎች አብረው ወደኋላ ይላሉ። በእኔ ግምት 13ቱ ወደ 15 እና 15 ተኩል ቢወጣ ነው። የሙሉ ፓነል ዋጋ ከፍለው የፓነል ሲሶ እንኳ አያገኙም። በባትሪው መስመር ላይ ደግሞ 0.8 የነበረው ወደ 1 ቮልት ስለሚጠጋ ኮንትሮለሩ ከአሁኑም ቀድሞ «ሞላ» ይላል።

እንግዲህ እኔ ብሆን የምጀምረው ገመድ ሳልገዛ ነው። ኮንትሮለሩን ከሱቁ ነቅለው ዕቃ ቤት፣ ባትሪው አጠገብ ይስቀሉት። ስክሪኑን ሱቅ ውስጥ ሆኖ ማየት ደስ እንደሚል ይገባኛል፤ ግን ያ ስክሪን አሁን የሚነግርዎ የተሳሳተ ቁጥር ነው። ከባትሪው በላይ በቀጥታ አይስቀሉት፤ ወደ ጎን ግማሽ ሜትር ያህል ፈቀቅ ያድርጉት፤ ግድግዳው አየር የሚያገኝ ይሁን። በዚህ አቀማመጥ የባትሪው ገመድ ከ1.5 ሜትር አይበልጥም። ባለ 10 ገመድ ቢጠቀሙ 2 × 1.5 × 16 × 0.02 ÷ 10፣ 0.1 ቮልት ብቻ ይጠፋል። ለባትሪ መስመር ከዚህ የበለጠ እንዲጠፋ አልፈቅድም፤ ለ12 ቮልት ባትሪ ከ100 እጅ አንድ ያህል ነው። የሚገዙት ሁለት ጊዜ 1.5፣ ማለትም 3 ሜትር ገመድ ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ በትንሽ ብር ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው።

ባለ 10 ገመድ የአንዳንድ ኮንትሮለር ቀዳዳ ውስጥ አይገባ ይሆናል። ከመግዛትዎ በፊት ቀዳዳውን አይተው ይሂዱ። ካልገባ ጫፉ ላይ ከመዳቡ ክሮች ግማሹን ቆርጦ ማስገባት ልማድ ሆኗል፤ ያን አያድርጉ፤ በዚያች ነጥብ ላይ ገመዱ ይግላል። ይልቅ በተርሚናሉ ውስጥ የሚገባ ባለ 6 ይጠቀሙና ርዝመቱን ወደ 1 ሜትር ያሳጥሩት፤ የሚጠፋው ያው 0.1 ቮልት አካባቢ ነው።

የድሮው የ4 ሜትር ባለ 2.5 ገመድም አይጣልም። ከኮንትሮለሩ ሎድ ተርሚናል ወደ ሱቁ መብራቶች ይውሰዱት። በ8 አምፒር ያው 0.5 ቮልት ይጠፋበታል፤ ግን አሁን ጥፋቱ አምፖሉ ላይ እንጂ ኮንትሮለሩ የሚያነበው ቁጥር ላይ አይደለም። የ12 ቮልት ኤልኢዲ አምፖል በ11.8 እና በ12.3 መካከል ያለውን ልዩነት ብዙም አይናገርም።

የፓነሉ መስመር ላይ ሁለት መንገድ አለ፤ ምርጫው የኪስ ጉዳይ ነው። ገመዱ በዕቃ ቤቱ በኩል ያልፋል ስላሉ ኮንትሮለሩ እዚያ ሲሆን 18ቱ ሜትር ወደ 15 ያጥራል ብዬ ልውሰድ። ያለዎትን ፒደብሊውኤም ይዘው ፓነሎቹም በፓራለል ከቀጠሉ ገመዱን መቀየር ግድ ነው። በባለ 6 1.7 ቮልት ይጠፋል፤ ከ1.3ቱ ስለሚበልጥ አይበቃም። በባለ 10 1 ቮልት፣ በባለ 16 ደግሞ 0.6 ቮልት ይጠፋል። ባለ 10 ይሠራል፣ በጣም በሞቀ ቀን ግን ጠበብ ይላል፤ ባለ 16 ምቹ ነው። ደርሶ መልሱ 30 ሜትር ስለሆነ ዋጋው ቀላል አይሆንም።

ሁለተኛው መንገድ ኮንትሮለሩን በኤምፒፒቲ ቀይሮ ፓነሎቹን በሲሪየስ ማያያዝ ነው። ያኔ 36 ቮልት በ8.3 አምፒር ይመጣል። አምፒሩ በግማሽ ስለቀነሰ የሚጠፋው ቮልት በግማሽ ይቀንሳል፣ የሚቀነሰው ደግሞ ከእጥፍ ቮልት ላይ ነው፤ ስለዚህ በመቶኛ ሲታይ ጥፋቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። አሁን የተዘረጋው ባለ 2.5 ራሱ በ15 ሜትር 2 ቮልት ብቻ ያጠፋል፤ ከ36 ላይ ከ100 እጅ 5.5 ነው። ለፓነል መስመር እኔ የምፈልገው ከ3 እንዳይበልጥ ነው፤ ሆኖም 5.5 ለጊዜው የሚታገሡት ነገር ነው፤ ብር ሲገኝ ባለ 4 ቢያደርጉት ወደ 3.5፣ ባለ 6 ቢያደርጉት ወደ 2.3 ይወርዳል። በዚያ ላይ ኤምፒፒቲው ትርፉን ቮልት ወደ አምፒር ስለሚለውጠው በሙቀት ምክንያት ባትሪው ቮልት አያጣም። የባለ 16ቱን 30 ሜትር ዋጋና የኤምፒፒቲውን ዋጋ ጎን ለጎን አስጠይቁ፤ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ እኔ ኤምፒፒቲውን እመርጣለሁ።

ይህን መንገድ ከመረጡ ግን ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ፓነሎቹ ሳይጫኑ እያንዳንዳቸው 22 ቮልት ያህል ይሰጣሉ፤ በሲሪየስ 44 ነው፤ ጠዋት ቅዝቃዜ ላይ ደግሞ 46 ይደርሳል። በፓነል በኩል 50 ቮልት ብቻ የሚችል ኮንትሮለር ከጫፉ ላይ ነው የሚሠራው፤ 75 ወይም 100 የሚል ይግዙ። ሌላው፣ በሲሪየስ ያያያዙትን ፓነል አሁን ባለዎት ፒደብሊውኤም ላይ አይሞክሩት። ቢችለው እንኳ 8.3 አምፒር ብቻ ያሳልፍና ግማሹን ኃይል ያስቀርብዎታል። ኤምፒፒቲው ወደ ባትሪው የሚልከው አምፒር ከፓነሉ ከሚመጣው ስለሚበልጥና እስከ 20 እና 21 ስለሚደርስ በባትሪው በኩል ባለ 10 ገመዱ እንዳለ ይቀራል፤ «ከፓነሉ 8 አምፒር ነው የሚመጣው» ተብሎ አይቀጥንም።

በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ከባትሪው ራስ ብዙ ሳይርቅ፣ ባለ 30 አምፒር ፊውዝ ይግባ። ፊውዙ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ገመዱ ቢላጥና ቢነካካ ባለ 200 ባትሪ በሺህ የሚቆጠር አምፒር ሊያፈስ ይችላል፤ ፊውዙ ወደ ኮንትሮለሩ በኩል ከተቀመጠ በመካከል ያለው ገመድ ያለ ጠባቂ ቀረ ማለት ነው። ለቤት ኤሌክትሪክ የሚሸጠውን ብሬከር እዚህ አይጠቀሙ፤ የዲሲ ብልጭታ እንደ ኤሲው በራሱ አይጠፋምና ለዲሲ የተሠራ መሆኑ የተጻፈበትን ይፈልጉ።

ገመድ ሲገዙ ላዩ ላይ የታተመውን ብቻ አይመኑ። መናኸሪያ አካባቢም ሆነ ሌላ ቦታ ሲገዙ ጫፉን አስልጠው አንዱን ክር በምላጭ ይፋቁት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ በአንድ ውፍረት ከመዳብ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ቮልት ያጠፋል፣ መገጣጠሚያውም ቶሎ ይበላሻል። ቀጥሎ ክሮቹን ይቁጠሩ። እውነተኛ ባለ 10 ሆኖ ሰባት ክር ያለው ገመድ የእያንዳንዱ ክር ውፍረት ዳር እስከ ዳር 1.35 ሚሊሜትር ነው። የሱቁን ካሊፐር ተውሰው ይለኩት፤ ቁጥሩን በራሱ አባዝተው በ0.785 ከዚያም በክሮቹ ብዛት ያባዙ። አንድ ክር 1.13 ሆኖ ከተገኘ 7 ላይ ይመጣል፤ ባለ 10 ብለው የሚሸጡልዎት ባለ 7 ነው። ጣሪያ ላይ ለሚሆነው ደግሞ ለፀሐይ የተሠራ ሽፋን ያለው ይሁን፤ የቤት ውስጥ ገመድ ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ይሰነጠቅና ክረምት ሲመጣ ውኃ ያስገባል።

ጫፎቹን በመዳብ ተርሚናል አስጨምቀው ይሰሩ እንጂ ሽቦውን በባትሪው ብሎን ዙሪያ ጠምጥመው አይሰሩት። ጥሩ ገመድ ተገዝቶ በልል ብሎን ሲበላሽ ማየት ያናድዳል። ለመለየት ቀላል ነው፤ ፀሐይ ጥሩ ሆኖ ባትሪው አምፒር እየተቀበለ እያለ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው እርሳስ ራስ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ የገመዱ ተርሚናል ላይ ያድርጉ። ሁለቱ የሚነካኩ ብረቶች ስለሆኑ ዜሮ ለማለት የቀረበ ቁጥር መምጣት አለበት። 0.05 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ መገጣጠሚያው ቆሽሿል ወይም ላልቷል፤ ፈተው በአሸዋ ወረቀት ያጽዱና ያጥብቁት።

ሥራውን ሲጀምሩ መጀመሪያ የፓነሉን ገመድ ከኮንትሮለሩ ይንቀሉ፣ ከዚያ የባትሪውን። ሲመልሱ በተቃራኒው፤ ባትሪው ይቅደም፣ ፓነሉ ይከተል። ብዙ ኮንትሮለሮች ባትሪው 12 መሆኑን የሚያውቁት መጀመሪያ ሲያገኙት ነው፤ ፓነሉ ከቀደመ ይሳሳታሉ፣ አንዳንዱም ይበላሻል። ቀለበትና የብረት ሰዓት ያውልቁ፤ የብሎን መፍቻውን እጀታም በፕላስተር ይጠቅልሉት፤ በሁለቱ የባትሪ ራሶች መካከል እንዳይወድቅ።

ሲጨርሱ ያንኑ የመጀመሪያ ልኬት ይድገሙት፤ ሰዓቱ ግን ይመረጥ። ባትሪው ሞልቶ ከሆነ አምፒሩ ትንሽ ስለሆነ ቀጭን ገመድም ጥሩ መስሎ ይታያል። ማታ ከተጠቀሙበት በኋላ በማግስቱ ከጠዋቱ 4 እስከ 5 ሰዓት፣ ደመና በሌለበት ይለኩ። ኮንትሮለሩ ተርሚናል ላይና ባትሪው ራስ ላይ ያለው ልዩነት ከ0.15 ቮልት መብለጥ የለበትም። ፒደብሊውኤሙን ይዘው ባለ 16 ከዘረጉ አምፒሩ ወደ 16 ይጠጋል፤ 14.2 የሚደርስበትም ሰዓት ከበፊቱ ይዘገያል። መዘገየቱ አያስደንግጥዎ፤ ባትሪው አሁን በእውነት እየተቀበለ ስለሆነ ነው።

ልዩነቱ ከ0.15 በታች ሆኖ እያለ ባትሪው አሁንም ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ 14.2 ዘሎ ከወጣና ማታ ቶሎ ከወረደ ጥፋቱ ከገመዱ ወጥቷል ማለት ነው፤ ባትሪው ባለመሙላት በቆየባቸው ወራት አቅሙን አጥቷል። ያኔ ለአንድ ሳምንት ያህል የማታ አጠቃቀምዎን ቀንሰው በየቀኑ እስከ መጨረሻው እንዲሞላ ይተዉት። ከዚያ በኋላ ባለ 12 ቮልት የሆኑ ዕቃዎችን ጭነው በ8 አምፒር ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይቁጠሩ፤ ጤነኛ ባለ 200 ባትሪ ግማሹ ላይ ለመድረስ 12 ሰዓት ይፈጅበታል። በ5 እና 6 ሰዓት 12 ቮልት ላይ ከደረሰ የሰዓቱን ቁጥርና ሁለቱን የቮልት ልኬቶች ይላኩልኝ፤ ባትሪው ስንት እንደቀረው አብረን እናሰላዋለን።